«ik» ወይስ «idk»፦ የጦፈ የግሩፕ ጭቅጭቅ በስክሪንሾት ሲመጣ እንዴት ይነበባል?

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው በአሥር መስመር ላይ ብቻ ነው። በግሩፕ ቻት የተነሣ ጭቅጭቅ በስክሪንሾት ሲደርሰን፣ በተለይ በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃልና በአራዳ አነጋገር የተሞላ ሲሆን፣ አብዛኞቻችን የማናውቃቸውን ፊደላት አንድ በአንድ እየፈለግን ትርጉማቸውን ከጎናቸው እንጽፋለን። ከዚያ ማን ማንን እንደበደለ እንፈርዳለን። ሰላማዊ ወሬ ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም። ጠብ ላይ ግን ይቅርታውም፣ ሽሙጡም፣ ክሱም በሁለትና በሦስት ፊደል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። አንዷ ፊደል ስትዛነፍ በዳይና ተበዳይ ቦታ ይለዋወጣሉ። ለአስተማሪ፣ ለወላጅ፣ ለሠራተኛ አስተዳደር ባለሙያም ሆነ ለተርጓሚ ችግሩ ያው ነው።

ለዚህ ንግግር የተዘጋጀው ምሳሌ ይኸውና። አራት ሰዎች አንድ የጋራ ሥራ አላቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ሌላው ሳያየው ሥራውን ልኮታል። ስሞቹን በፊደል ተክተናል።

```
21:04  ሀ   wym u already sent it??
21:04  ረ   yea last night. ik u wanted to check it mb
21:05  ሀ   ffs. atp might as well do the whole thing alone
21:06  ሸ   ngl he be doing this
21:06  ረ   tf?? 1 time
21:09  ሸ   💀💀
21:09  ጠ   ijs we did say friday
21:10  ረ   so yall been had this planned. bet
21:10  ሀ   smh im not even mad lol
21:31  ረ   k.
```

ወደ ቃላቱ ከመግባታችን በፊት ምስሉን ራሱን እንየው። በአብዛኞቹ የመልእክት መተግበሪያዎች በስተቀኝ በኩል ያለ ስም የሚታየው መልእክት የስልኩ ባለቤት ነው፤ ማለትም ስክሪንሾቱን ያነሣው ሰው። የሌሎቹ ስም ብዙ ጊዜ የሚታየው እሱ በስልኩ እንደመዘገበው ነው። ስለዚህ ከአንዱ ስም ጎን የተለጠፈ ቅጽል ወይም ኢሞጂ ካያችሁ፣ ያንን የጻፈው የስልኩ ባለቤት እንጂ ግሩፑ ላይሆን ይችላል። መተግበሪያው የቱ እንደሆነም ለዩ። ዋትስአፕ ላይ አንድ ሰው መልእክቱን ለሁሉም ሲያጠፋ መጥፋቱን የሚናገር ምልክት በቦታው ይቀራል፤ ቴሌግራም ላይ ግን መልእክቱ ያለ ምንም ምልክት ይሰወራል። ስለዚህ ከ21:06 እስከ 21:09 ያለው ሦስት ደቂቃ በዋትስአፕ ዝምታ ሊሆን ይችላል፤ በቴሌግራም ከሆነ ግን በመካከሉ የጠፋ ነገር ሊኖር እንደሚችል አስቡ።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች። `wym` «ምን ማለትህ ነው» ነው። ሁለት የጥያቄ ምልክት ስላለው መረጃ ለማግኘት ብቻ የተጠየቀ አይደለም፤ መደናገጥም አለበት። ትልቁ ጉዳይ ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። `ik` «አውቃለሁ» ማለት ነው። መካከሉ ላይ `d` ገብታ `idk` ብትሆን ኖሮ «አላውቅም» ትሆን ነበር። በፍጥነት የሚያነብ ሰው `idk` ብዙ ጊዜ ስለሚያይ ዓይኑ `d`ዋን ራሱ ይጨምራል። ያኔ ረ «ልታየው እንደምትፈልግ አላውቅም ነበር» ያለ ይመስላል፤ ሰበብ ይሆናል። የጻፈው ግን ተቃራኒውን ነው፦ «ልታየው እንደፈለግህ አውቃለሁ»። ጥፋቱን አምኗል።

በመስመሩ መጨረሻ ያለው `mb` «ማይ ባድ» ከሚለው የመጣ ነው፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት። ጠቅላላው ጭቅጭቅ ውስጥ ብቸኛው ይቅርታ ይህ ነው፤ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ከፊቱ ነጠላ ሰረዝ እንኳ የለም። ብዙ አንባቢ የሚያልፈው ለዚህ ነው። ለቀለደበት ነገርና ለከባድ ጥፋት የሚባለው `mb` አንድ ዓይነት ስለሆነ ሀ ይቅርታውን ቀላል አድርጎ ማየቱ አያስደንቅም፤ ያ ሌላ ክርክር ነው። «ረ ይቅርታ አልጠየቀም» ብሎ መጻፍ ግን ስሕተት ነው።

ሦስተኛው መስመር። `ffs` ጸያፍ ቃል ያለበት የምሬት ጩኸት ነው፤ በአማርኛ «ኤጭ! አሁንስ በዛ!» ከሚለው ጋር ይቀራረባል፣ ከዚያ የባለገ ቢሆንም። ከእሱ አንድ ፊደል የሚያንሰው `fs` ደግሞ «በእርግጥ፣ እሺ» ማለት ነው፤ ስትቀዱ ሁለቱን `f` ቁጠሩ። `atp` ሁለት ፍች አለው። አንዱ «እዚህ ከደረስን ወዲያ» የሚል ነው፤ ሌላው «ስልክህን አንሣ» ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሁለቱንም ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በማስገባት ነው። «ስልክህን አንሣ ሁሉንም ብቻ መሥራት ይሻላል» አይሄድም፤ የመጀመሪያው ይሄዳል። ይህን ፈተና በእያንዳንዱ ምህጻረ ቃል ላይ አድርጉ። ፍቺውን አግኝቶ አለመፈተን የብዙ የተበላሸ ንባብ መነሻ ነው።

እዚህ መስመር ላይ ከምህጻረ ቃሉ የሚከብደው የጎደለው ባለቤት ነው። `might as well do the whole thing alone` የሚለው ውስጥ ማን እንደሚሠራ አልተጻፈም። ሀ «እኔው ብቻዬን ብሠራው ይሻለኛል» ብሎ ተማሮ ሊሆን ይችላል፤ «አንተው ብቻህን ብትሠራው ይሻልሃል» ብሎ ረን እያባረረ ሊሆንም ይችላል። በእንግሊዝኛ ቴክስት ብዙ ጊዜ የሚጣለው ባለቤት «እኔ» ስለሆነ የመጀመሪያው ይበልጥ ያመዝናል፤ ግን እርግጥ አይደለም። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን ካልያዘ አይቆምም፤ ስለዚህ ተርጓሚው አንዱን መርጦ ዝም ቢል ሰው ያላለውን አስብሎታል። ሁለቱንም ጻፉና የትኛው እንደሚያመዝን፣ ለምንም እንደሆነ አመልክቱ።

የጸያፉን ነገር እዚሁ እንጨርሰው፤ በአምስተኛው መስመር `tf` አለና። `tf` የመገረምና የቁጣ ቃል ነው፦ «ምን ጉድ ነው ይሄ?!»። `ffs` እና `tf` ባለጌ ቢሆኑም ወደ ሰው አልተወረወሩም፤ ወደ ሁኔታው ነው። `stfu` ቢሆን ኖሮ ሌላ ነበር፤ እሱ «አፍህን ዝጋ» የሚል ወደ ሰው የሚሄድ ጸያፍ ትእዛዝ ነው። `gtfo` ም እንደዚያው «ጥፋ ከዚህ» ነው። ሪፖርት የሚጽፍ ሰው `f` ያለበትን ሁሉ «ስድብ» ብሎ ከመዘገበ፣ ከላይ ያለው ቻት ሁለት ሰው የተሰዳደበበት ይመስላል። በእውነቱ በአሥሩም መስመር ውስጥ በሰው ላይ የተወረወረ ጸያፍ ቃል አንድም የለም።

የሚያቆስለው ያለው አራተኛው መስመር ላይ ነው። ጸያፍ የለበትም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው በቀላሉ ያልፈዋል። `ngl` «አልዋሽም፣ እውነቱን ለመናገር» የሚል መንደርደሪያ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ደስ እንደማይል ያስጠነቅቃል። ቀጥሎም `he be doing this` ይላል። ይህ የተሳሳተ እንግሊዝኛ አይደለም። የአፍሪካ አሜሪካውያን እንግሊዝኛ የራሱ ሥርዓት ያለው አነጋገር ነው፤ በኢንተርኔት ላይ ከሚሠራበት የአራዳ ቋንቋ ብዙው የመጣውም ከእሱ ነው። በዚያ አነጋገር ያልተለወጠው `be` ልማድን ያመለክታል። `he doing this` ቢል «አሁን እያደረገ ነው» ይሆናል፤ `he be doing this` ግን «ይህ ልማዱ ነው፣ ሁሌም እንዲህ ነው» ነው።

የቋንቋ ተመራማሪዋ ጃኒስ ጃክሰን ይህን በልጆች ላይ ፈትናዋለች። ብስኩት ወዳዱ የቴሌቪዥን አሻንጉሊት ኩኪ ሞንስተር ታሞ ተኝቶ፣ ሌላው አሻንጉሊት ኤልሞ ብስኩት ሲበላ የሚያሳይ ሥዕል አቀረበች። «ማን ነው እየበላ ያለው» ስትል ሁሉም ኤልሞ አሉ። ጥያቄውን በልማዱ `be` ስታቀርበው ግን አነጋገሩን የሚያውቁት ጥቁር ልጆች ኩኪ ሞንስተርን ጠቆሙ፤ ብስኩት መብላት ልማዱ የእሱ ነውና። ነጮቹ ልጆች አሁንም ኤልሞ አሉ።

ስለዚህ ሸ ያቀረበው ክስ ስለ አንድ ቀን ስሕተት ሳይሆን ስለ ረ ጠባይ ነው። ረም በትክክል እንደዚያ ነው የተረዳው፤ መልሱ `1 time` ነው፤ «አንዴ ነው!»። ይህን መልስ ልብ በሉ። አንድን ዓረፍተ ነገር በትክክል ማንበባችሁን ከሚያረጋግጡላችሁ ነገሮች ሁሉ ጠንካራው ቀጥሎ የመጣው ምላሽ ነው። `be`ን «አሁን እያደረገ ነው» ብላችሁ ብታነቡት ኖሮ «አንዴ ነው» የሚለው መልስ ቦታ አይኖረውም ነበር። ሌላም ነገር አለ፦ ረ እዚያው ግሩፕ ውስጥ እያነበበ ሸ «እሱ» ብሎ ለሌሎች ነገራቸው። ፊት ለፊት ያለን ሰው በሦስተኛ መደብ ማማት ነው። በነገራችን ላይ ረ ወንድ መሆኑን የምናውቀውም ከዚህች `he` ብቻ ነው፤ የሌሎቹን ጾታ ቻቱ አይነግረንም፤ እኔም በወንድ አንቀጽ የምጠራቸው ለአነጋገር ያህል ነው።

ሁለቱ የራስ ቅሎች ማስፈራሪያ አይደሉም። 💀 በዚህ ዓይነት ቻት «በሳቅ ሞትኩ» ነው። እንደ ዛቻ ተነብቦ የዲሲፕሊን ጉዳይ ሊከፈት ስለሚችል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ሳቅ ነው ማለት ደግሞ ምንም ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። «አንዴ ነው» ብሎ ራሱን በሚከላከል ሰው ላይ ያለ ቃል መሳቅ መሳለቅ ነው። ሸ ያንን መልስ ነክቶ ቀጥታ ምላሽ ስላልሰጠ ግን በምን እንደሳቀ ሙሉ በሙሉ አናውቅም፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላም ነው የመጣው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው፣ ወደ ሰባተኛው መስመር ደርሰናል። `ijs` «እንዲያው ለማለት ያህል» ነው፤ ሰው ወገን የያዘ እንዳይመስል የሚለብሰው መሸፈኛ። `we did say friday` ደግሞ «ዓርብ ብለን ነበር እኮ» ነው። ቃላቱ ቀላል ናቸው፤ አንድም የሚያስቸግር ነገር የለም። ግን ጠ የቆመው ከማን ጎን ነው? ረ የላከው «ትናንት ማታ» ነው። ትናንት ሐሙስ ከነበረ ረ ከቀጠሮው ቀድሟል፤ ጠ እየከሰሰው ነው። ትናንት ዓርብ ከነበረ ደግሞ ረ በተባለው ቀን ነው የላከው፤ ጠ እየተከራከረለት ነው። መስመሩን የሚገለብጠው በቻቱ አናት ላይ ያለው የቀን መለያ ነው፤ ስክሪንሾቱ ደግሞ ከዚያ በታች ተቆርጧል። ሰዓት አለ፣ ቀን የለም።

ረ እንዴት እንደተረዳው ስምንተኛው መስመር ይነግረናል። `yall` ብዙ ቁጥር «እናንተ» ነው፤ ጠን ከከሳሾቹ ጋር ደምሮታል። ከዚያ `been had this planned` አለ። በመደበኛው እንግሊዝኛ እንዲህ ባለ ዓረፍተ ነገር `been` ን `had` ሊከተለው አይችልም፤ ስለዚህ ይህ በንግግር ጊዜ ጠበቅ ተደርጎ የሚነገረው የአፍሪካ አሜሪካውያን `been` ነው። ትርጉሙ «ከጥንቱ፣ ከድሮም» ነው፦ «ይህን ከድሮም አስባችሁበታል ማለት ነዋ!»። በጽሑፍ ላይ ድምፅ ስለማይሰማ አንባቢ እንደ ተራ ያለፈ ጊዜ ይወስደዋል። ጆን ሪክፎርድ የተባለው የቋንቋ ምሁር በ1975 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አሳይቷል፤ ስለ አንዲት ሴት «ባለ ትዳር ናት ወይ» የሚል ሰው በዚህ `been` `she been married` የሚል መልስ ቢሰጠው፣ ሴትዮዋ ዛሬም ባለ ትዳር ናት ወይ ሲባሉ አብዛኞቹ ጥቁሮች ናት አሉ፤ አብዛኞቹ ነጮች ደግሞ አሁን አይደለችም ብለው ተረዱት። እዚህም ልዩነቱ ከባድ ነው። ረ «ተማክራችሁ መጣችሁብኝ» እያለ ነው፤ «ዕቅድ ነበራችሁ» እያለ አይደለም።

እዚህ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ አነጋገር በኢንተርኔት ተሠራጭቶ ብዙ ሰው ሕጉን ሳያውቅ ይጠቀምበታል። ጸሐፊው ከሌላ ቦታ የለመደው ከሆነ `be` እና `been` ን ለጌጥ አስገብቷቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዚያኑ ሰው ሌሎች መልእክቶች ፈልጋችሁ እንዴት እንደሚጠቀምባቸው እዩ። በዚህ ምሳሌ ግን የሁለቱም ቦታ ከሕጉ ጋር ይገጥማል።

`bet` ብዙውን ጊዜ «እሺ፣ ተስማምተናል» ነው። ከክስ በኋላ ሲመጣ ግን «እሺ፣ እንተያያለን» ይሆናል። ከስምምነት ወደ ፉከራ የሚወስደው ከፊቱ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። «ረ በመጨረሻ ተስማማ» ብሎ የዘገበ ሰው የተሳሳተው በዚህች ቃል ነው።

ዘጠነኛው መስመር ሦስት ነገር ይደራርባል። `smh` «ራሴን እየነቀነቅሁ ነው» ነው፤ ተስፋ መቁረጥና ትዝብት። `im not even mad` «አልተናደድኩም እንኳ»። ከዚያ `lol`። ይህን «እየሳቅሁ ነው» ብሎ መተርጎም አይቻልም። የቋንቋ ምሁሩ ጆን ማክዎርተር በ2013 እ.ኤ.አ. በሰጠው ንግግር እንዳብራራው `lol` በቴክስት ውስጥ ስለ ሳቅ መናገሩን ትቶ የንግግሩን ስሜት የሚያስተካክል ቅንጣት ሆኗል። እዚህ የሚሠራው ቁጣው ላይ ስስ መጋረጃ መጣል ነው። በ`smh` የጀመረ ሰው «አልተናደድኩም» ቢልም ተናዷል፤ ግን ጠቡን ለማብረድ በር ከፍቶም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሊያስኬዱ ስለሚችሉ እዚህ ላይ አልፈርድም። `lol`ን እንደፈለጉ መፍታት የት እንደሚያደርስ በአደባባይ ታይቷል፤ በግንቦት 2012 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ፕሬስ ላይ ሲካሄድ በነበረው ምርመራ፣ የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን `lol`ን «ብዙ ፍቅር» መስሏቸው መልእክታቸውን በእሱ ይቋጩ እንደነበር የቀድሞዋ የጋዜጣ አዘጋጅ ርብቃ ብሩክስ መስክራለች።

አሥረኛው መስመር አንዲት ፊደልና አንድ ነጥብ ነው። `kk` ቢሆን ለስለስ ያለ «እሺ እሺ» ነበር፤ `k` ብቻውን ይቀዘቅዛል፤ `k.` ደግሞ ኩርፊያ ነው። በቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ሴሊያ ክሊን የመራችው በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በነጥብ የተዘጋ የአንድ ቃል የቴክስት መልስ ያልተዘጋውን ያህል ከልብ እንደሆነ እንደማይታይ አሳይቷል፤ በእጅ በተጻፈ ማስታወሻ ላይ ግን ይህ ልዩነት አልታየም። ሆኖም ሁልጊዜ ነጥብ የሚያደርግ ሰው ነጥቡ ምንም አይናገርም። ስለዚህ የረን ሌሎች መልእክቶች እንመልከት። ሁለተኛውና ስምንተኛው ላይ ነጥብ አለ፤ ግን ሁለት ሐሳብ ለመለየት መካከል ላይ ነው። መልእክቱን በነጥብ የዘጋው እዚህ ብቻ ነው። ሃያ አንድ ደቂቃ ቆይቶ መምጣቱም ይጨመርበት። ኩርፊያ ነው ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ያላወቃችሁትን ቃል የት ትፈልጋላችሁ? ብዙ ሰው የሚሄደው በ1999 እ.ኤ.አ. ወደተጀመረው ኧርባን ዲክሽነሪ ነው። እዚያ ማንም ሰው ፍቺ ይጽፋል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው ከላይ ይቀመጣል፤ ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለሚያስቀው ነው። ከላይ ያለውን ብቻ አትውሰዱ። ሦስት አራት ፍቺዎች አንብቡ፣ የተጻፉበትን ቀን እዩ፣ ከቻቱ ዘመን ጋር የሚገጥመውን ያዙ፣ ከዚያ በ`atp` ላይ እንዳደረግነው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አስገብታችሁ ፈትኑት።

በዚህ ቻት ውስጥ የሌሉ፣ ቢገኙ ግን ሥራውን ሁሉ የሚያስቆሙ ሁለት ምህጻረ ቃላት አሉ። `kys` ሌላውን ሰው «ራስህን ግደል» የሚል ነው። በጨዋታ ቻቶች እንደ ተራ ስድብ ቢወረወርም ፍቺውን አለሳልሳችሁ አትተርጉሙት፤ እንዳለ ጻፉት፣ ለሚመለከተው ሰውም በዚያው ቀን አሳውቁ። `kms` ደግሞ «ራሴን ልገድል ነው» ነው። ብዙ ጊዜ ከድካምና ከእፍረት የሚመጣ ማጋነን ነው፤ ማጋነን መሆኑን ግን ከስክሪንሾት ማወቅ አይቻልም። የጻፈውን ሰው በቀጥታ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም።

እንግዲህ ለጠየቃችሁ ሰው የምትሰጡት ወረቀት ሦስት ዓምድ ይኑረው። በመጀመሪያው መልእክቱን እንዳለ፣ ከነስሕተቱ፣ ከነነጥቡ ገልብጡ። በሁለተኛው ምህጻረ ቃሉን ፍቱ። በሦስተኛው መስመሩ ለማን እንደተባለና ምን እንደሠራ ጻፉ፦ አመነ፣ ከሰሰ፣ ተሳለቀ፣ አኮረፈ። ሦስተኛው ዓምድ ላይ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሁለቱንም ንባብ አስቀምጡ። የእኛ ምሳሌ ሲሞላ እንዲህ ይሆናል፦ ረ ሀ ሳያየው ሥራውን መላኩን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ሀ ተማረረ፤ ብቻውን እንደሚሠራ ይሁን ረ ብቻውን ይሥራ ብሎ ይሁን አልለየም። ሸ ጥፋቱን ልማድ አድርጎ ከሰሰው፣ ከዚያም ሳቀ። ረ አንዴ ብቻ ነው አለ። ጠ ቀኑን አስታወሰ፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም። ረ ተማክራችሁብኛል አለና ፎከረ። ሀ ቁጣውን በከፊል ሸፈነ። ረ አኮረፈ።

ሁለት ነገሮች ከስክሪንሾቱ ላኪ መጠየቅ አለባቸው፤ ሁለቱም ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጁም። አንደኛው ከ21:04 በላይ ያለው የቀን መለያ እስኪታይ ድረስ ወደ ላይ ተስቦ የተነሣ ሌላ ስክሪንሾት ነው። ሁለተኛው ጠ «ዓርብ» ያለበትን መልእክት የጻፈው ለየትኛው መልእክት መልስ እንደሆነ ነው፤ ይህን መመለስ የሚችለው ጠ ራሱ ስለሆነ ላኪው ጠን ይጠይቅልን።